ቀብዱ የማን ነው? ውል ሲከሽፍ ፍርድ ቤት ኪሣራን የሚያከፋፍልበት መንገድ

ውል ከሸፈ የሚባለው፣ ተዋዋዮቹ ከተፈራረሙ በኋላ፣ ከሁለቱ የአንዳቸውም ጥፋት ሳይኖርበት፣ አንድ ነገር ተከስቶ ውሉን መፈጸም የማይቻል ሲሆን ወይም ቢፈጸምም ፋይዳ ሲያጣ ነው። የተከራዩት አዳራሽ ይቃጠላል፤ ዕቃ የሚራገፍበት ወደብ በጠላት ጦር ይያዛል፤ ሰው ሊያየው የተሰናዳለት ሰልፍ ይሰረዛል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኛው ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል። አንደኛው ውሉ ቀሪ ሆኗል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ውሉ ቀሪ ከሆነ፣ እስከዚያች ቀን የተከፈለው ገንዘብና የወጣው ወጪ በማን ላይ ይቀራል የሚል ነው። የሕግ መጻሕፍት የመጀመሪያውን ጥያቄ በሰፊው ያትታሉ። ባለጉዳዩን እንቅልፍ የሚነሳው ግን ሁለተኛው ነው።

የዚህን ሁለተኛ ጥያቄ ታሪክ ከእንግሊዝ ሕግ የተሻለ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ አይገኝም። የእንግሊዝ ዳኞች መልሱን ያገኙት በአንድ ጊዜ አይደለም። አንድ ባለጉዳይ ሲጎዳ አንድ እርምጃ፣ ሌላው ሲጎዳ ሌላ እርምጃ እየሄዱ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥንቱ ደንብ ምሕረት አያውቅም ነበር። በ1647 በተወሰነ ጉዳይ፣ በእርስ በርሱ ጦርነት ወቅት የልዑል ሩፐርት ጦር መሬቱን ይዞ ያባረረው ተከራይ ኪራዩን ክፈል ተብሏል። የፍርዱ ምክንያት አጭር ነው፤ ሰው በገዛ ፈቃዱ ግዴታ ከገባ፣ ችግር ቢመጣ እንዳይጠየቅ ቀድሞ በውሉ ማስጻፍ ይችል ነበር፤ ካላስጻፈ ይክፈል።

ይህ ደንብ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከጸና በኋላ የተላላው በለንደን የሙዚቃ አዳራሽ ምክንያት ነው። ቴይለር የተባለ ሰው በሰሪ ጋርደንስ የሚገኘውን አዳራሽና ግቢ በ1861 በጋ ላይ ለአራት ቀን ተከራየ። ኪራዩ ለእያንዳንዱ ቀን 100 ፓውንድ ነበር። የመጀመሪያው ዝግጅት ሊደረግ ስድስት ቀን ሲቀረው አዳራሹ በእሳት ወደመ፤ ለእሳቱ ከሁለቱም ወገን ጥፋተኛ አልተገኘም። ቴይለር ለማስታወቂያና ለዝግጅት ያወጣውን ገንዘብ እንዲተኩለት አከራዮቹን ከሰሰ። ዳኛ ብላክበርን በ1863 በሰጡት ፍርድ፣ ውሉ የቆመው አዳራሹ አለ በሚል መሠረት ላይ ነው፤ አዳራሹ ሲጠፋ ሁለቱም ከግዴታቸው ነፃ ወጥተዋል አሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን በዝምታ ታለፈ። አከራዩ ኪራዩን አጣ፤ ቴይለር ወጪውን አጣ፤ ሁሉም የደረሰበትን ጉዳት ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ።

የዚህ ዝምታ ክፋት የታየው በ1902 ነው። ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ የሚጭኑበት ቀን ሰኔ 26 እንዲሆን ተወሰነ። በዚያ ቀንና በማግስቱ ደግሞ የንጉሡ ሰልፍ በለንደን ዋና ዋና ጎዳናዎች እንዲያልፍ ታቀደ። በሰልፉ መንገድ ላይ መስኮት ያለው ቤት ሁሉ ከወትሮው በብዙ እጥፍ ዋጋ ተከራየ። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ንጉሡ በትርፍ አንጀት ሕመም ተቀደዱ፤ በዓሉም ወደ ነሐሴ ተላለፈ። ወዲያው ፍርድ ቤቶቹ በመስኮት ክርክር ተሞሉ።

ከክርክሮቹ ሁሉ ስሙ የገነነው የክሬልና የሄንሪ ጉዳይ ነው። ሄንሪ በፖል ሞል ጎዳና የሚገኙትን የክሬልን ክፍሎች ለሁለቱ ቀናት፣ ቀን ቀን ብቻ፣ በ75 ፓውንድ ተከራየ፤ 25 ፓውንድ ቀብድ ከፈለ። በተጻጻፉት ደብዳቤ ላይ ስለ ንግሥ በዓሉ አንድም ቃል አልነበረም። ሰልፉ ሲቀር ሄንሪ ቀሪውን 50 ፓውንድ አልከፍልም አለ። ክሬል ደግሞ ክፍሎቹ አልተቃጠሉም፤ መግባት ይችላል፤ ይክፈለኝ ሲል ከሰሰ። ነገሩ እውነት ነው፤ ሄንሪ ሁለቱን ቀን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ባዶውን ጎዳና ማየት ይችል ነበር። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ግን ለሄንሪ ፈረደ። ሰልፉን ማየት የሄንሪ የግል ምኞት ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ተዋዋዮች የጋራ መሠረት ነበር፤ ዋጋው የናረውም፣ ኪራዩ ለቀን ብቻ የሆነውም በሰልፉ ምክንያት ነው። መሠረቱ ሲናድ ውሉ አብሮ ወደቀ።

ዳኞቹ ይህ በር እንዳይሰፋ ተጠንቅቀዋል። ወደ ኤፕሰም የፈረስ እሽቅድምድም ለመሄድ ጋሪ የተከራየ ሰው፣ እሽቅድምድሙ ቢቀር ኪራዩን ከመክፈል አይድንም ብለው በምሳሌ አስረድተዋል፤ የባለ ጋሪው ሥራ ሰው ማድረስ እንጂ እሽቅድምድም ማሳየት አይደለምና። በዚያው በዓል ሰሞን ሃተን የተባለ ሰው ንጉሡ የባሕር ኃይሉን ሲጎበኙ ለማሳየትና መርከቦቹን በባሕር እየዞረ ለማስጎብኘት ጀልባ ተከራይቶ ነበር። የንጉሡ ጉብኝት ቀረ፤ መርከቦቹ ግን እዚያው ቆመው ነበር፤ ጀልባዋም መዞር ትችል ነበር። ሃተን ግዴታው አልቀረለትም። በእርግጥ በሃተንና በሄንሪ መካከል ያለው ልዩነት ቀጭን ነው፤ የኋለኞቹ ዳኞችም የክሬልን ፍርድ አጥብበው ሲተረጉሙት ኖረዋል።

የክሬል ፍርድ ስለ ቀብዱ ምን አለ? ምንም። ሄንሪ 25 ፓውንዱ እንዲመለስለት መጀመሪያ ጠይቆ ነበር፤ በይግባኙ ግን ጥያቄውን ተወው። ቀብዱ ክሬል እጅ ቀረ።

ጥያቄው ፊት ለፊት የመጣው በቻንድለርና በዌብስተር ጉዳይ ነው። ቻንድለር ያንኑ ሰልፍ ለማየት ክፍል የተከራየው በ141 ፓውንድ ከ15 ሽልንግ ሲሆን፣ በውሉ መሠረት ገንዘቡ በሙሉ ከሰልፉ አስቀድሞ መከፈል ነበረበት። ቻንድለር 100 ፓውንድ ከፍሎ ቀሪው እዳ ላይ እያለ ሰልፉ ተሰረዘ። ምንም ስላላየበት ገንዘቡ እንዲመለስለት ጠየቀ። ችሎቱ 100 ፓውንዱን አላስመለሰለትም፤ ጭራሹን 41 ፓውንድ ከ15 ሽልንጉንም ጨምረህ ክፈል አለው። አስተሳሰቡ ይህ ነው፦ ውሉ የሚሞተው ክስተቱ ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተከፈለው እንደተከፈለ፣ ከዚያ በፊት መከፈል የነበረበትም እዳ እንደሆነ ይኖራል፤ ኪሣራው የወደቀበት ይቀራል።

ሄንሪና ቻንድለር ያጋጠማቸው አንድ ዓይነት ክስተት ነው፤ የተከራዩትም በአንድ ጎዳና ነው። አንዱ ሁለት ሦስተኛውን ኪራይ ሳይከፍል ሲቀር ሌላው ሙሉውን ከፈለ። የለያቸው ጥፋት ወይም ጥቅም ሳይሆን በውሉ ላይ የተጻፈው የመክፈያ ቀን ብቻ ነው። ይህ ፍርድ ፍትሕ ነው ብሎ መከራከር ያስቸግራል። ሆኖም ለአርባ ዓመት ያህል የእንግሊዝ ሕግ ሆኖ ቆየ።

የለወጠው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ፋይብሮሳ የተባለ የፖላንድ ኩባንያ በሐምሌ 1939 በሊድስ ከሚገኝ ፋብሪካ የተልባ ጭረት ማበጠሪያ ማሽኖች በ4,800 ፓውንድ አዘዘ። ርክክቡ በግዲኒያ ወደብ እንዲሆን ተስማሙ። ከትእዛዙ ጋር 1,600 ፓውንድ መከፈል ሲኖርበት የተከፈለው 1,000 ነበር። በመስከረም ጦርነቱ ተጀመረ፤ ግዲኒያም በጀርመን ጦር እጅ ወደቀች። ፖላንዳውያኑ ገንዘባችንን መልሱ ሲሉ ፋብሪካው ለማሽኖቹ ሥራ ብዙ ወጪ አውጥቻለሁ አለ። ጉዳዩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደረሰ፤ በ1942 የቻንድለር ደንብ ተሻረ። ከፋዩ በከፈለው ገንዘብ ለውጥ ፈጽሞ ምንም ካላገኘ ገንዘቡ ይመለስለታል ተባለ። ፋይብሮሳ 1,000 ፓውንዱን በሙሉ አገኘ።

ዳኞቹ ራሳቸው ግን መፍትሔው ጎደሎ መሆኑን አልሸሸጉም። ፋብሪካው በማሽኖቹ ላይ ያወጣው ወጪ አንድ ሳንቲም ሳይታሰብለት ቀረ። ያለ ጥፋቱ የተጎዳው ከፋዩ መሆኑ ቀርቶ ተቀባዩ ሆነ ማለት ነው። ደግሞም ከፋዩ ትንሽ ነገር እንኳ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ደንቡ አይረዳውም ነበር፤ የሚሠራው ምንም ላላገኘ ብቻ ነውና። ፍርድ ቤት ሊያደርግ የሚችለው ሁሉንም መስጠት ወይም ሁሉንም መንሣት ስለነበር፣ መሃሉን ለማግኘት ሕግ አውጪው መግባት ነበረበት። በዓመቱ፣ በ1943፣ ስለ ከሸፉ ውሎች የሚደነግግ አጭር አዋጅ ወጣ።

አዋጁ ስለ ገንዘብ የሚለው ይህ ነው። ውሉ ከመክሸፉ በፊት የተከፈለ ገንዘብ ይመለሳል፤ መከፈል ሲገባው ያልተከፈለም መከፈሉ ይቀራል። ዛሬ ቢሆን ቻንድለር 100 ፓውንዱን ይቀበላል፤ ቀሪውንም አይከፍልም። ሆኖም ገንዘቡን የተቀበለው ወገን ውሉን ለመፈጸም ወጪ አውጥቶ እንደሆነ፣ ዳኛው ሁኔታውን ሁሉ አይቶ ፍትሕ ነው ብሎ ሲያምን ከተቀበለው ላይ ወጪውን ወይም የወጪውን ከፊል እንዲያስቀር ሊፈቅድለት ይችላል። የዚህ ጣሪያው አስቀድሞ የተከፈለው ወይም መከፈል የነበረበት ገንዘብ ነው። የሊድሱ ፋብሪካ በዚህ አዋጅ ቢዳኝ እስከ 1,600 ፓውንድ ድረስ ሊታሰብለት ይችል ነበር፤ ከዚያ አንድ ፓውንድ አያልፍም።

ይህ የዳኛ ሥልጣን በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ከሚያሳዩት ጉዳዮች ሁሉ የጋመርኮ ይሻላል። ጋመርኮ የስፔን የሙዚቃ ዝግጅት አዘጋጅ ነው። በሐምሌ 1992 መጀመሪያ ጋንዝ ኤንድ ሮዝስ የተባለውን የአሜሪካ የሮክ ባንድ ማድሪድ ውስጥ በአትሌቲኮ ማድሪድ ስታዲየም ሊያስጫውት ተዋዋለ። ዝግጅቱ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ስታዲየሙ የተሠራበት ሲሚንቶ አስተማማኝ አይደለም ተባለና ባለሥልጣናት ፈቃዱን አነሡ። ሌላ ስታዲየም አልተገኘም፤ ዝግጅቱ ቀረ። አዘጋጁ ለባንዱ ወገን 412,500 ዶላር አስቀድሞ ከፍሏል፤ ከዚያ ውጭ ለማስታወቂያና ለመሰናዶ 450,000 ዶላር ገደማ አውጥቷል። ባንዱ በበኩሉ ያወጣው 50,000 ዶላር ገደማ ነበር።

ዳኛ ጋርላንድ ሦስት መንገድ ከፊታቸው ነበር። አንደኛው ባንዱ ወጪውን በሙሉ ያስቀር ማለት ነው፤ ሁለተኛው ኪሣራውን እኩል ማካፈል ነው፤ ሦስተኛው አዋጁ የሰጣቸውን ሰፊ ሥልጣን ይዘው ጉዳዩን እንደ ሁኔታው መመዘን ነው። የመረጡት ሦስተኛውን ነው። የአዘጋጁ ኪሣራ ከባንዱ ኪሣራ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ከወጪዎቹም ማንም የተጠቀመ የለም። ስለዚህ 412,500 ዶላሩ ምንም ሳይቀነስበት እንዲመለስ ፈረዱ።

ስሌቱን ትንሽ መግፋት የአዋጁን ወሰን ያሳያል። ገንዘቡ ከተመለሰ በኋላም አዘጋጁ 450,000 ዶላር፣ ባንዱ 50,000 ዶላር ከስረዋል፤ በድምሩ 500,000 ይሆናል። እኩል መካፈል ቢፈለግ ለእያንዳንዳቸው 250,000 ይደርሳቸዋል፤ ባንዱም ለአዘጋጁ 200,000 ዶላር ከኪሱ መክፈል ይኖርበታል። አዋጁ ለዳኛው ይህን ሥልጣን አይሰጠውም። ወጪው የሚታሰብለት ገንዘብ የተቀበለ ወይም ሊቀበል የተገባው ወገን ብቻ ነው፤ ከፋዩ በጎን ያወጣው ሁሉ በራሱ ላይ ይቀራል። በሌላ በኩል፣ አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ በውሉ ከሌለ፣ ሥራውን የሚሠራው ወገን የቱንም ያህል ወጪ ቢያወጣ የሚያስቀርበት ነገር የለውም። ዳኛው ሊያከፋፍል የሚችለው ቀብድ ካለ ነው፤ ቀብድ ከሌለ ማከፋፈል አይኖርም። በዚህ ነጥብ አዋጁ ሊነቀፍ ይገባዋል፤ ጉዳትን በእውነት ለማካፈል ከሆነ የሁለቱንም ወገን ወጪ በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነበረበት።

ገንዘብ ሳይሆን ሥራ ወይም ንብረት አስቀድሞ የተሰጠ እንደሆነ ደግሞ ሌላ ድንጋጌ አለ። የተቀበለው ወገን ዋጋ ያለው ጥቅም አግኝቶ ከሆነ ዳኛው ተገቢ ያለውን ያህል ያስከፍለዋል። ትልቁ ማሳያ የብሪቲሽ ፔትሮሊየምና የአሜሪካዊው ባለሀብት የሃንት ክርክር ነው። ኩባንያው ሃንት በሊቢያ በረሃ በተሰጠው ይዞታ ላይ ነዳጅ ፈልጎ ለማውጣት ብዙ ገንዘብ አፈሰሰ፤ ነዳጁ ተገኝቶ መመረት ከጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሊቢያ መንግሥት የኩባንያውን ድርሻ ወረሰ። ሃንት እስከዚያ ስላገኘው ጥቅም ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት። ዳኛ ሮበርት ጎፍ በዚያ ፍርድ አንድ አከራካሪ ነገር ተናገሩ፤ የሚለካው የተሠራው ሥራ ሳይሆን በተቀባዩ እጅ የቀረው ውጤት ነው አሉ። ይህ ከሆነ፣ በሰው ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲተክል ቆይቶ ሥራው ሊያልቅ ሲል ፋብሪካው ከነማሽኑ የተቃጠለበት ባለሙያ ምንም አያገኝም፤ በባለቤቱ እጅ የቀረው አመድ ነውና። በ1867 እንዲህ ያለ ባለሙያ ባዶ እጁን ተመልሶ ነበር። አዋጁ ከወጣም በኋላ በጎፍ አተረጓጎም ዕጣው አይለወጥም።

ወደዚህ ሁሉ ስሌት ከመግባት በፊት ግን ውሉ በእርግጥ መክሸፉ መረጋገጥ አለበት፤ አብዛኛው ከሳሽም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንድ የግንባታ ተቋራጭ 78 ቤቶችን በስምንት ወር ሠርቶ ለማስረከብ ተዋዋለ። በሠራተኛና በዕቃ እጥረት ምክንያት 22 ወር ፈጀበት፤ ወጪውም በጣም ናረበት። ውሉ ከሽፏልና በተስማማንበት ዋጋ ሳይሆን በሥራዬ ልክ ይከፈለኝ ሲል የጌቶች ምክር ቤት በ1956 አልተቀበለውም። ሥራው ከበደ እንጂ ሌላ ሥራ አልሆነም። እንዲሁም እንቅፋቱን ራሱ የፈጠረ ወይም በራሱ ምርጫ ያመጣ ተዋዋይ ውሉ ከሽፏል ማለት አይችልም።

በዚህ ነጥብ የኢትዮጵያ ሕግ ከእንግሊዙ ጋር ይቀራረባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1764 የውሉ አፈጻጸም ከታሰበው በላይ ስለከበደ ብቻ ውሉ እንደማይቀር ይደነግጋል፤ በቁጥር 1794 ደግሞ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል እንደማይባል ይናገራል። ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ማለት በቁጥር 1792 መሠረት ባለዕዳው ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደው ነገር ነው። ቁጥር 1793 ጦርነትን፣ የተፈጥሮ አደጋን፣ የመንግሥት ክልከላንና የመሳሰሉትን ያነሣል። አጽንዖቱ ፈጻሚውን በሚያግድ ነገር ላይ ስለሆነ፣ እንደ ሄንሪ ክፍሉ እያለ ሰልፉ ብቻ የቀረበት ሰው በዚህ ድንጋጌ መጠቀም ይከብደዋል። ውል ሲሰረዝ ግን ቁጥር 1815 ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ከመዋዋላቸው በፊት ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ ስለሚያዝ፣ የተከፈለ ገንዘብን በመመለስ በኩል መነሻው ከ1943ቱ አዋጅ ብዙ አይርቅም።

የ1943ቱ አዋጅ አንድ ነገር ለተዋዋዮች ትቷል፤ ክስተቱ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ራሳቸው በውላቸው ከወሰኑ የሚጸናው የእነሱ ቃል ነው፤ አዋጁ ቦታውን ይለቃል። ለንደን ውስጥ ለሠርግ አዳራሽ የሚከራይ ወይም ዘፋኝ ከአገር ቤት የሚያስመጣ አንባቢ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ያስቀምጥ፦ የትኛው ክስተት ውሉን እንደሚያስቀር፣ ከቀብዱ ምን ያህሉ እንደሚመለስ፣ እስከዚያ የወጣው የሁለቱም ወገን ወጪ እንዴት እንደሚካፈል። ሦስተኛውን በተለይ አይርሳው፤ ፍርድ ቤት ሊሞላለት የማይችለው እሱን ነውና።